ለድሬዳዋ ትምህርት ቤቶች ግልጽ ደብዳቤ፦ በውዝዋዜ ትምህርት እግሩን እንመዝን

ይድረስ ለርዕሳነ መምህራን፣ ለሱፐርቫይዘሮች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለሥራ ባልደረቦቼ ለስፖርት መምህራን፤

እንደምን ከረማችሁ? የ7ኛና የ8ኛ ክፍል የስፖርት መምህር ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ስለ ውዝዋዜና የምት እንቅስቃሴ። ብዙዎቻችን እንዘለዋለን። ካልዘለልነው ደግሞ ብዙ ጊዜ የምናደርገው ከመዝለል የባሰ ነው።

እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ክፍሉ ሜዳ ይወጣል። ለወንዶቹ ኳስ ይሰጣቸዋል። ሴቶቹ "እናንተ ውዝዋዜ ተለማመዱ" ተብለው ጥላ ስር ይቀመጣሉ። የወላጆች በዓል ሲቃረብ ትከሻ የሚሆንላቸው ስምንት ልጆች ይመረጡና የባህል ልብስ ለብሰው መድረክ ይወጣሉ። ቀድሞ ባስተማርኩበት አንድ ትምህርት ቤት እነዚያ ስምንቱ ከሃያ ሃያ ተሞላላቸው፣ የቀረው ክፍል በሙሉ አሥራ ሁለት አገኘ። ስምንቱ ከቤታቸው ችለው ነው የመጡት። የቀሩትን ያስተማራቸው የለም። ስለዚህ ያ ውጤት ማን ምን እንደተማረ አይናገርም።

የምዕራፉ ዓላማዎች ሲጨመቁ አራት ናቸው። ተማሪው ምት ይይዛል። የሰውነቱን ክብደት ከእግር ወደ እግር ያዛውራል። አቅጣጫና ከፍታ ይቀይራል። የተያያዘ እንቅስቃሴ አስታውሶ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ ይደግማል። እዚህ ውስጥ "ያምራል" የሚል የለም። "የሴት"፣ "የወንድ" የሚልም የለም። እንዲያውም ወንዱ ዝላዩን ብቻ፣ ሴቷ ትከሻውን ብቻ ከሠሩ ሁለቱም የምዕራፉን ግማሽ ሳይማሩ ወጡ ማለት ነው። ወንድና ሴት አብረው ይሥሩ የምለው ለመቻቻል ስብከት አይደለም። ሁሉም ሁሉንም ካልሠራ ዓላማው አይሟላም፣ በቃ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ምዕራፉን በስድስት ክፍለ ጊዜ ነው የምሠራው፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ውዝዋዜ የሚባል ቃል አላነሳም። ልጆቹ ሜዳው ላይ ተበታትነው ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይቆማሉ። ፊት ለፊት የሚያየው ሰው የሌለው ልጅ አያፍርም። ከዚያ በከበሮ ምት ይራመዳሉ። ከበሮ ከሌለ ባዶ ጀሪካን በደንብ ይሠራል፤ የድሬ ግቢ ጀሪካን አያጣም። ምቱ በደቂቃ 100 አካባቢ ይሁን፤ ፈጠን ያለ የእግር መንገድ ማለት ነው። ከዚህ ሲፈጥን ደካማው ልጅ ይወድቃል፣ ሲዘገይ ደግሞ ጎበዙም ሚዛኑን ያጣል።

ምት መያዛቸውን የማውቀው ከበሮውን ሳቆም ነው። እስከ ስምንት የሚቆጠር ዝምታ እሰጣቸዋለሁ፣ እነሱ መራመዳቸውን አያቆሙም። ተመልሼ ስመታ እግራቸው ከምቱ ጋር ካረፈ ምቱ ውስጣቸው ገብቷል። ካላረፈ ሲከተሉኝ ነበር እንጂ አልያዙትም። ብዙውን ጊዜ የሚያጋጥመው መፍጠን ነው፤ ዝምታው ሲመጣ ክፍሉ በሙሉ ይሮጣል። ዓይን አያስፈልግም፣ ጆሮ ይበቃል። የያዘ ክፍል እግሩ አንድ ላይ "ጧ" ይላል፣ ያልያዘው "ጠብ ጠብ ጠብ" እያለ ይበተናል። መፍትሔው ጮክ ብሎ መቁጠር ነው፣ በፈለጉት ቋንቋ። የእኔ ክፍል አንዱ ረድፍ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት" ሲል ሌላው "ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር" ይላል። ማን ቀድሞ እንደተንሸራተተ ወዲያው ይሰማል።

ሁለተኛው ነገር የምዕራፉ እምብርት ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። "እኔ ውዝዋዜ አይሆንልኝም" የሚል ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ምት አላጣም። ያጣው እግሩን ነው። ቀጥሎ የትኛው እግር እንደሚነሳ አያውቅም። ምክንያቱም በመርገጥና በመንካት መካከል ያለውን ልዩነት ማንም አላሳየውም። ስንረግጥ ክብደታችን ወደዚያ እግር ይሄዳል፣ ሌላው እግር ነጻ ይሆናል። ስንነካ ግን የጣት ጫፍ ብቻ መሬት ያገኛል፤ ክብደቱ በነበረበት ይቀራል፣ የነካው እግር ራሱ ነጻ ሆኖ ይቆያል። "ቀኝ ርገጥ፣ ግራ ርገጥ፣ ቀኝ ርገጥ፣ ግራ ንካ" ካልኩ ቀጣዩ እርምጃ የግራ ነው። ልጁ መንካት ሲገባው ከረገጠ ግን ግራው ተይዟል። ቀጥሎ ተንገዳግዶ በቀኙ ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በሙሉ የተገላቢጦሽ ይሆናል። ጓደኞቹ ይስቃሉ። እሱም ኳሱን ፍለጋ ይሄዳል።

መለየቱ ቀላል ነው። አራት ላይ "ቁም!" እላለሁ። ሁሉም እንደነበረ ይደርቃል። ቀጥዬ "የነካችሁበትን እግር አንሱ" እላለሁ። በትክክል የነካው እግሩን ዝም ብሎ ያነሳል። የረገጠው ሰውነቱን ወደ ጎን ሳያዘነብል ማንሳት አይችልም። 60 ልጅ ባለበት ክፍል በአምስት ሰከንድ ውስጥ የተቸገረው ማን እንደሆነ ታያላችሁ። አንድ ቁመተ ረጅም ተማሪ ነበረኝ፣ ዓመቱን ሙሉ "አቦ ቲቸር፣ እኔን ተዉኝ" የሚል። ችግሩ ይኸው ብቻ ነበር። የነካውን እግር ተረከዝ ከፍ አድርጎ እንዲይዝ ነገርኩት፤ ተረከዝ ከተነሳ ሙሉ ክብደት በቀላሉ አያርፍበትም። በዚያው ክፍለ ጊዜ ቀናው።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሁለት መስመር ሠርተው ፊት ለፊት ይቆማሉ። ይህን ቅርጽ ከውጭ ማምጣት አያስፈልገንም። በሐረርጌ ኦሮሞ ሸጎዬ ወጣት ወንዶችና ሴቶች ፊት ለፊት ሆነው ነው የሚጨፍሩት። በሶማሌው ዳንቶም መስመርና ጭብጨባ አለ። ልጆቻችን በሠርግ ያዩታል፣ ለቤተሰብም አዲስ አይሆንም። ፊት ለፊት መቆም ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር ይፈታልናል፤ እጅ ለእጅ መያያዝ አያስፈልግም። በእኛ ከተማ በድብልቅ ክፍል ውስጥ የምዕራፉን ግማሽ ጠብ የሚያመጣው እሱ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። በሸጎዬ የጭንቅላትና የአንገት እንቅስቃሴ ትልቅ ቦታ አለው። ያልለመደ ልጅ በኃይል ካወናጨፈው ያዞረዋል፣ አንገቱንም ይጎዳል። ስለዚህ ትንሽ ንቅናቄ ብቻ፣ በምቱ እኩሌታ ፍጥነት፣ ከስምንት ቆጠራ ሳይበልጥ። ሙሉውን ሸጎዬ አስተማርኩ ለማለት አልደፍርም። እኔ የወሰድኩት አቋቋሙንና መቀባበሉን ነው።

አሁን የምሠራበትን ቅንብር በዝርዝር ልጻፈው፤ የፈለገ እንዳለ ይውሰደው። በመስመሮቹ መካከል አራት ሜትር ይሁን። ጠቅላላው 32 ቆጠራ ነው፣ ስምንት ስምንት ተብሎ በአራት ይከፈላል።

በመጀመሪያው ስምንት ሁለቱም መስመሮች በቀኝ እግር ጀምረው ሦስት እርምጃ ወደ ፊት ይመጣሉ፣ አራት ላይ በግራ ይነካሉ። ከዚያ በግራ ጀምረው ሦስት ወደ ኋላ፣ ስምንት ላይ በቀኝ ይነካሉ። እርምጃው ግማሽ ሜትር ገደማ ከሆነ ሁለቱ መስመሮች ሲቀራረቡ በመካከላቸው አንድ ሜትር ይቀራል። ማንም ማንንም አይነካም። ረጅም ቀሚስ ወይም ጅልባብ የለበሰችም አትቸገርም።

ሁለተኛው ስምንት ወደ ጎን ነው። ቀኝ ርገጥ፣ ግራውን አጠገቡ አምጥተህ ርገጥ፣ ቀኝ ርገጥ፣ ግራ ንካ። ከዚያ ወደ ግራ እንዲሁ ተደግሞ በቀኝ ንክኪ ያልቃል። ሦስተኛው ስምንት ቆሞ ነው፤ አንዱ መስመር በአራት ቆጠራ ትከሻ ወይም ጭብጨባ ያሳያል፣ ሌላው በአራት ይመልሳል። ከፍታ መቀየርም እዚህ ይገባል። ጉልበት ትንሽ ሸብረክ ማድረግና በእግር ጣት መነሳት ይበቃል፤ ከፍታ ለመቀየር መሬት ላይ መተኛት አያሻም።

በአራተኛው ስምንት መስመሮቹ ቦታ ይለዋወጣሉ። በቀኝ ጀምረው ስድስት ሰፋ ያሉ እርምጃዎች ይሄዳሉ፣ እያንዳንዱ የፊት ለፊቱን ሰው በቀኝ ትከሻው በኩል ያልፈዋል። ሰባትና ስምንት ላይ በሁለት እርምጃ ይዞራሉ። እንደገና ፊት ለፊት ናቸው። ሁለተኛ ሲደግሙት ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።

ልብ በሉ፤ አራቱም ስምንቶች ሲጀምሩ ነጻ የሆነው ቀኝ እግር ነው። ይህ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ሁለተኛው ስምንት ላይ በግራ የተነሳ ልጅ ካየሁ ስህተቱ የመጀመሪያው ስምንት መጨረሻ ላይ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነካ ማድረግ ሲገባው ረግጧል። የተሳሳተበትን ለማግኘት ሁሉንም ከመጀመሪያ ማስደገም አያስፈልግም። መሻገሩ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። "የወንድ ጎን"፣ "የሴት ጎን" የሚባል አይኖርም፤ ሁሉም በሁለቱም ጎን ይሠራል። ለመስመሮቹ ስም ስሰጥም "ሀ" እና "ለ" እላለሁ እንጂ ወንድና ሴት አልልም።

መቀላቀሉን አላጣድፈውም። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ወንዶች በአንድ መስመር፣ ሴቶች በሌላው ይቆማሉ፤ ለጊዜው ይቀላቸዋል። ግን እዚያ ላይ ከቆየን መስመር ለመስመር ፉክክር ይጀመራል፣ ወንዶቹ እርምጃውን ወደ ዝላይ ይቀይሩታል። ስለዚህ በአራተኛው በስድስት በስድስት እመድባቸዋለሁ፣ ሦስት ወንድና ሦስት ሴት። "ራሳችሁ ምረጡ" ካልኩ ተመልሰው በጾታ ይለያያሉ። ዝም ብዬ በስም ዝርዝር ከመደብኩ ደግሞ አንዲት ልጅ ከአምስት ወንድ ጋር ትገባለች፤ ያቺ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት "አሞኛል" ብላ ትቀራለች። ቁጥሩ እኩል ካልሆነ ቢያንስ ሁለት ሁለት ይሁኑ። በየመስመሩ የሚቆመውን ቡድኑ ራሱ ይወስን።

በአራተኛውና በአምስተኛው ክፍለ ጊዜ ቡድኖቹ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ስምንት እንዳለ ይይዛሉ፣ የመሃሉን አሥራ ስድስት ቆጠራ ግን ራሳቸው ይፈጥራሉ። ሁለት ግዴታ ብቻ አለ፤ አንድ የአቅጣጫ ለውጥ፣ አንድ የከፍታ ለውጥ። ሁሉንም ነጻ ስታደርጉላቸው ሃያ ደቂቃ ሲከራከሩ ያልፋል። ሁሉንም ስትወስኑላቸው ደግሞ የማስታወስ እንጂ የመፍጠር ነገር አይቀርላቸውም። እስክስታውን፣ የጉራጌውን፣ ዳንቶውን ከየቤቱ ያመጡታል። ትከሻውን ወንዶቹም ይሠሩታል። "ሴት ሴት ይላል" የሚል ካለ ያንኑ አራት ቆጠራ ብቻውን ከምቱ ጋር እንዲያሳየን እጋብዘዋለሁ። ብዙ ጊዜ ዝም ይላል።

ስልክ ክልክል ነው፣ የኔም ጭምር። ቀርጾ መልሶ ማሳየት ለማረም ጥሩ መሆኑን አውቃለሁ። ግን የአንዲት ልጅ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ከወጣ ያ ምዕራፍ በዚያ ትምህርት ቤት አበቃለት። በምትኩ አንዱ ቡድን ሲሠራ ሌላው ያያል። እያንዳንዱ ተመልካች አንድ ሰው ተመድቦለት የዚያን ሰው እግር ብቻ ይከታተላል፤ "አራት ላይ ነካ ወይስ ረገጠ?" መልሱ አዎ ወይም አይ ነው። ስለ ሰውነት፣ ስለ ልብስ፣ ስለ ማማር አስተያየት አይሰጥም።

ስድስተኛው የምዘና ነው። "60 ልጅ በአንድ ክፍለ ጊዜ አይመዘንም" የምትሉኝን አውቃለሁ፤ እስቲ እናስላው። 32 ቆጠራ ሁለት ጊዜ 64 ነው። በደቂቃ 100 ምት 38 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። አሥር ቡድን ከስድስት ደቂቃ ተኩል አይበልጥም። ለመግባትና ለመውጣት ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ብንጨምር 17 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ሰውነት ማሟሟቂያና አንድ ልምምድ ተጨምሮበት ጊዜ ይተርፋል።

የሚያጥረው ጊዜ ሳይሆን ዓይን ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር መስመር "ሀ"ን ብቻ፣ በሁለተኛው መስመር "ለ"ን ብቻ አያለሁ። ሦስት ልጅ ለ19 ሰከንድ መሆኑ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለአንድ ልጅ ሁለት ነገር ማየት ይቻላል፤ ምት ያዘ ወይ፣ መርገጥና መንካቱን ለየ ወይ። አምስት ዓምድ ያለው የውጤት ቅጽ የሚሞላ መምህር ካለ ሦስቱን በግምት ነው የሞላው። አቅጣጫ፣ ከፍታና መደጋገሙ ለቡድኑ በጋራ ይያዝ።

ለየግሉ ሦስት ደረጃ ይበቃል፤ ብቻውን ይይዛል፣ ጓደኛ አይቶ ይይዛል፣ ገና ነው። ሁለተኛውን ከአንደኛው መለየት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አይቶ የሚሠራ ልጅ ከምቱ ግማሽ ያህል ይዘገያል፣ ዓይኑም ወደ ጎን ነው። ከተጠራጠራችሁ መስመሩ ጫፍ ላይ፣ የሚያየው ጎረቤት ወደሌለበት አዙሩትና ድገሙት። ትከሻዋ እንደ ነፋስ የሚበርላት ልጅ እግሯ ምቱን ከሳተ ከፍተኛውን አታገኝም። እጁን ኪሱ ሊከት ምንም ያልቀረው ልጅ እግሩ ልክ ከሆነ ያገኛል። መጀመሪያ ላይ ያጉረመርማሉ። ቆይተው ይለምዱታል።

የሃይማኖቱን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ዘፈን የማይፈቅዱ ቤተሰቦች አሉ፣ ሙስሊምም ክርስቲያንም። አንድ አባት በር ላይ ይዘውኝ "ልጄን የላክኋት እንድትጨፍር አይደለም" አሉኝ። ገብተው እንዲያዩ ጠየቅኋቸው። ጀሪካንና ቁጥር ብቻ ነው የሰሙት። አስር ደቂቃ ቆመው ካዩ በኋላ "ይሄማ ሰልፍ ነው" ብለው ሄዱ። ትንሽ ከፍቶኛል፣ እውነቱን ለመናገር። ግን ልጅቷ ቀጠለች። ዓላማዎቹ ዘፈን አይጠይቁም፤ ምት ይጠይቃሉ፣ ምት ደግሞ በጭብጨባም ይገኛል። ይህም የማይዋጥለት ካለ ያንኑ ምት በገመድ ዝላይ ይሥራ። በሁለት እግር፣ በአንድ እግር፣ እየቀያየረ፣ ያው 32 ቆጠራ፣ ያው ሦስት ደረጃ። ያ ልጅ ዜሮ የሚያገኝበት ምክንያት የለም።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ። ርዕሳነ መምህራን፣ ይህ ምዕራፍ ለወላጆች በዓል ማዘጋጃ አይሁን፤ ለበዓሉ የባህል ክበብ አለ። ለዚህ ምዕራፍ የጠዋት ክፍለ ጊዜ ስጡን። አምስተኛና ስድስተኛ ሰዓት ላይ በድሬ ፀሐይ 60 ልጅ አስፋልት ላይ ማስራመድ ትምህርት አይባልም። ሱፐርቫይዘሮች፣ ለምልከታ ስትመጡ የውጤት ቅጹን ተቀብላችሁ "ትዕይንት" እና "ውበት" የሚሉ ዓምዶች ካሉ አሰርዙ። በመዝገብ የተጻፈው ውጤት ከየትኛው እንቅስቃሴ እንደመጣ መምህሩን ጠይቁት።

ጊዜውን በተመለከተም አንድ ሐሳብ አለኝ። ምዕራፉን ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ላይ ካስቀመጥነው ከጾም ጋር ይላተማል። በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በየካቲት ውስጥ በቀናት ልዩነት ተከታትለው ገቡ። ግማሹ ክፍል ውሃ ሳይጠጣ ዝለል ማለት አይቻልም፤ ሌላው ግማሽም ያን ጊዜ ከዘፈንና ከጭፈራ ይርቃል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። ስለዚህ ከጥቅምት አጋማሽ ጀምረን በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ከሰጠነው በሦስት ሳምንት፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ያልቃል። በሳምንት አንድ ብቻ ያለው ትምህርት ቤት በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ይጀምር። ዕቅዱ ገና ስላልጸደቀ ቦታ መቀያየሩ የአንድ ስብሰባ ሥራ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የድሬዳዋ የስፖርት መምህር